18 ወይስ 21 ቋሚ? የአንድ እድር ግቢ አጥር፦ የጉዳይ ጥናት

መነሻው

ግቢው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። የአንድ ነባር እድር ግቢ ነው። ውስጡ አንድ አዳራሽና አንድ የዕቃ ቤት አለ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ዙሪያው በባሕር ዛፍ ቋሚና በቆርቆሮ የታጠረ ነበር። የባሕር ዛፉ እግር መሬት ውስጥ በስብሶ አጥሩ በገመድና በእንጨት ድጋፍ ነበር የቆመው።

እድሩ በብረት ቋሚና በመረብ ሽቦ ሊያጥር ወሰነ። ገንዘቡ ከአባላት የተዋጣ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ብረት ወጪ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበባል፣ ይጠየቃልም። እኔ የእድሩ አባል ነኝ፤ ሙያዬም የግንባታ ዕቃ መለካትና ዝርዝር ማውጣት ነው። የእድሩ ዳኛ አንድ የብየዳ ቤት የሰጠውን ፕሮፎርማ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይቺን እያት። ከመክፈላችን በፊት አንድ ዓይን ይጨመርባት» አሉኝ።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የመረጥኩት ፕሮፎርማው ላይ የነበረው ስሕተት በብዙ ግቢ ስለሚደገም ነው። ዋጋዎቹን አላስገባሁም። የብረት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ቆጠራው ግን አይለወጥም።

ችግሩ፦ የተጋደመው ማዕዘን

ፕሮፎርማው አጭር ነበር። 52.6 ሜትር አጥር ለ3 ሲካፈል 17.5 ይመጣል፤ ስለዚህ 18 ቋሚ። ሁሉም ቋሚ አንድ ዓይነት፣ 5 በ5 ሴንቲ ቱቦላሬ። ለአግዳሚ 18 ብረት። መረብ ሽቦ ባለ 20 ሜትር 3 ጥቅል። ሲሚንቶ 6 ከረጢት። ስለ በር የሚለው አንድ መስመር ነው፦ «የመኪናና የሰው በር፣ ከነሥራው»።

ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው ምንም የጎደለ አይመስልም። መልሱ የነበረው ግቢው ውስጥ ነው። እድሩ ባለፈው ዓመት በታችኛው በኩል 10 ሜትር የማይሞላ አጥር በራሱ አሠርቶ ነበር። ቋሚዎቹ ሁሉ ቀጭንና እኩል ናቸው። መረቡ ተጎትቶ ማዕዘኑ ላይ ታስሯል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የማዕዘኑ ቋሚ አናቱ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ተጋድሟል። መረቡም ረግቦ ከሥሩ ልጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል። መሃል ላይ ያሉት ቋሚዎች ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ይህ ልዩነት ሁሉን ነገር ይናገራል። መሃል ላይ ያለ ቋሚ ከግራም ከቀኝም እኩል ይጎተታል፤ ሁለቱ ጉተታ ይጣፋል። እሱ የሚሸከመው ነፋስንና የሚደገፍ ሰውን ብቻ ነው። የማዕዘን ቋሚን ግን ሁለት መስመሮች በሁለት አቅጣጫ ይስቡታል፤ ሁለቱም ወደ ግቢው ውስጥ ናቸው። የመጨረሻውን የጫፍ ቋሚ የሚስበው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ከጀርባው ምንም የሚይዘው የለም። የበር ቋሚ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ የሚወዛወዝ ክብደት ተንጠልጥሎበታል። ስለዚህ አጥር ሦስት ወይም አራት ዓይነት ቋሚ ይፈልጋል። ፕሮፎርማው ያየው አንዱን ብቻ ነበር።

ልኬቱ

መጀመሪያ ከይዞታ ካርታው ላይ የማዕዘኖቹን የኤክስና የዋይ ቁጥር ወሰድን። በሁለት ማዕዘን መካከል ያለው ርቀት ከነዚህ ቁጥሮች ልዩነት ይወጣል። ለምሳሌ በረጅሙ ጎን ልዩነቱ በአንዱ 13.44፣ በሌላው 17.92 ሜትር ነው። የሁለቱ ካሬ ተደምሮ ሥሩ ሲወጣ 22.4 ሜትር ይሆናል። ከዚያ መሬት ላይ በሜትሮ ለክተን አመሳከርን።

ግቢው አምስት ማዕዘን አለው። ከመንገዱ በግራ በኩል ካለው ጥግ ጀምረን 1 እስከ 5 ቁጥር ሰጠናቸው። ከ5 ወደ 1 ያለው ጎን የጎረቤት የብሎኬት ግንብ ስላለበት አጥር አያስፈልገውም። የቀሩት አራት ጎኖች እነዚህ ናቸው፦

- ከ1 እስከ 2፦ የመንገዱ ፊት፣ 14.2 ሜትር፤ በሮቹ እዚህ ናቸው
- ከ2 እስከ 3፦ ቁልቁለቱ፣ 22.4 ሜትር
- ከ3 እስከ 4፦ የታችኛው ጎን፣ 9.7 ሜትር
- ከ4 እስከ 5፦ ወደ ጎረቤቱ ግንብ የሚታጠፈው፣ 6.3 ሜትር

እነዚህ ርቀቶች የቋሚዎቹ መስመር ናቸው። የይዞታው ወሰን ከነሱ ትንሽ ወደ ውጭ ነው። ቋሚውን ልክ ወሰኑ ላይ ካቆሙት የኮንክሪቱ ግማሽ ጎረቤት መሬት ውስጥ ይገባል። ጉድጓዱ በሙሉ በራሳችን ይዞታ እንዲያርፍ መስመሩን ወደ ውስጥ ሳብነው። ከወረዳው ፈቃድ ከወጣ በኋላ በታች በኩል ያሉትን ጎረቤት ጠርተን የተወጠረውን ሲባጎ አሳየናቸው። እማማ ዞር ዞር ብለው አዩና «ይኼስ ደግ ነው፤ ቀጥሉ» አሉ።

አባላት በጣም የተጨነቁበት አንድ ነገር ቁልቁለቱ ነበር። «መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ሽቦው አይበቃም» የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ከ2 እስከ 3 ያለው ዝቅታ 2.4 ሜትር ነው። 22.4 ሜትር አግድም ሄዶ 2.4 ሜትር የሚወርድ መስመር በተዳፋቱ ላይ ሲለካ 22.53 ሜትር ነው። ልዩነቱ 13 ሴንቲ ብቻ! ቁልቁለት በርዝመት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ይህን ያህል ትንሽ ነው። ችግር የሚያመጣው በቁመት በኩል ነው፤ ወደ መረቡ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ቋሚዎቹን መቁጠር

ጠቅላላ ርዝመትን ለ3 ማካፈል ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ማዕዘን ሁልጊዜ ቋሚ ይፈልጋል፤ ማካፈሉ ግን ማዕዘን የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጎን ለብቻው ተካፍሎ ወደ ላይ ይጠጋጋል። ሁለተኛ፣ ማካፈል የሚሰጠው የክፍተቶችን ቁጥር ነው። አጥሩ ዞሮ የሚገጥም ከሆነ ቋሚና ክፍተት እኩል ይሆናሉ። የእኛ ግን ከግንብ ተነስቶ ግንብ ላይ ያልቃል። እንዲህ ያለ ክፍት መስመር ከክፍተቱ አንድ ቋሚ ይበልጣል።

በሁለት ቋሚ መሃል ያለው ርቀት ከ3 ሜትር እንዳያልፍ ወሰንን። ቁልቁለቱ 22.4 ሜትር ስለሆነ 8 ክፍተት ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 2.8 ሜትር። 9.7 ሜትሩ 4 ክፍተት፣ 6.3 ሜትሩ 3 ክፍተት ሆነ።

የመንገዱ ፊት ትንሽ አሰብ ማድረግ ይፈልጋል። የመኪናው በር 3.6 ሜትር፣ የሰው በር 1 ሜትር ታቅዶ ነበር። ሦስት የበር ቋሚዎች እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲ ይይዛሉ። ድምሩ 4.9 ሜትር ነው። ከ14.2 ሲቀነስ 9.3 ሜትር ይቀራል፤ ይህ ለ3 ሲካፈል በ30 ሴንቲ ምክንያት 4 ክፍተት ይሆናል። ለ30 ሴንቲ ብሎ አንድ ቋሚ፣ አንድ ጉድጓድና ሁለት አግዳሚ መጨመር አይዋጥም። የሰው በሩን 1.3 ሜትር አደረግነውና የቀረው አጥር ልክ 9 ሜትር ሆነ፤ በግራ 3፣ በቀኝ 6። ገንዘብ ያዧ ከሁላችን በላይ የተደሰቱት በዚህ ነው። ትልቁን ድስት ለሁለት ይዞ በ1 ሜትር በር ማለፍ ምን እንደሚመስል እሳቸው ያውቁታል።

ቆጠራው እንዲህ ወጣ። የማዕዘን ቋሚ 3፣ በጥግ 2፣ 3 እና 4። የጫፍ ቋሚ 2፣ በጥግ 1 እና 5። የበር ቋሚ 3፤ መሃለኛው ለመኪናውም ለሰው በሩም የጋራ ነው። ተራ ቋሚ ከፊት 1፣ ከቁልቁለቱ 7፣ ከታች 3፣ ከመጨረሻው ጎን 2፣ በድምሩ 13። ሁሉም 21 ናቸው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የበሮቹን ሁለት ክፍተት ጨምሮ 20 ክፍተት አለ፤ ሲደመርበት 1፣ 21።

ከፕሮፎርማው ያለው ልዩነት 3 ቋሚ ነው። ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። ከ21ዱ 8ቱ ወፍራም መሆን አለባቸው። ለማዕዘንና ለጫፍ 8 በ8፣ ለበር 10 በ10 ሴንቲ ቱቦላሬ መረጥን።

በጥግ 1 እና 5 «ለምን መረቡን ጎረቤቱ ግንብ ላይ አናስርም?» ተብሎ ተጠይቆ ነበር። ግንቡ የእኛ አይደለም። የእኛ ቢሆን እንኳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት የተወጠረ መረብ ጉተታን አይችልም፤ ብሎኑ ከነቅርፊቱ ይነቀላል።

ብረቱን ከ6 ሜትር ማውጣት

ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። ስለዚህ የሚገዛው ቋሚ ሳይሆን ዘንግ ነው፤ ጥያቄውም ከአንዱ ዘንግ ስንት ይወጣል የሚለው ነው።

መረቡ 1.8 ሜትር ከፍታ አለው። ከታችና ከላይ 5 ሴንቲ ሲተውለት ከመሬት በላይ 1.9 ሜትር ይሆናል። ተራ ቋሚ 60 ሴንቲ መሬት ውስጥ ይገባል፤ ርዝመቱ 2.5 ሜትር ማለት ነው። ከአንድ ዘንግ 2 ወጥቶ 1 ሜትር ይተርፋል። ገንዘብ ያዧ ይህን አይተው «ባለ 1.5 ሜትር መረብ ብንገዛና ቋሚውን 2 ሜትር ብናደርገው፣ ከአንዱ ብረት 3 ይወጣ የለ?» አሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን ያኔ መሬት ውስጥ የሚገባው ከ40 ሴንቲ ብዙም አይበልጥም፤ ለተዳፋት መሬት ይህ ያንሳል። ትራፊዎቹ 1 ሜትሮች የበሩ ማዕቀፍ ውስጥ ገቡ እንጂ አልተጣሉም።

ለ13 ተራ ቋሚ 7 ዘንግ፣ ለ5 የማዕዘንና የጫፍ ቋሚ (በ2.7 ሜትር) 3 ዘንግ፣ ለ3 የበር ቋሚ (3 ሜትር ገደማ) 2 ዘንግ ገዛን። በሦስቱም ዓይነት መጨረሻ ላይ ትራፊ ይኖራል። አንድ ነገር ለበያጁ አጥብቀን ነገርነው፦ የወፍራሞቹን የመጨረሻ ዘንግ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ እንዳይቆርጥ። ለምን እንደጠቀመ ዝቅ ብሎ ይመጣል።

አግዳሚዎቹ 4 በ2 ሴንቲ ናቸው፤ በየክፍተቱ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። መረብ ያለበት ክፍተት 18 ስለሆነ 36 አግዳሚ። የ3 ሜትር ገደብ የመጣው ከዚህ ነው። በ3 ሜትር ክፍተት ውስጥ የቋሚው ውፍረት ሲቀነስ አግዳሚው 2.95 ሜትር ይሆናል፤ ከአንድ ዘንግ 2 ይወጣል፣ የሚባክን የለም ማለት ይቻላል። 3.10 ሜትር ክፍተት ቢሆን ከአንድ ዘንግ 1 ብቻ ነበር የሚወጣው። 36 ለ2 ሲካፈል 18 ዘንግ ነው፤ ከፕሮፎርማው ጋር እኩል። በአጋጣሚ ነው። እነሱ የበሩንም ርዝመት አግዳሚ አድርገው ቆጥረው፣ ቁርጥራጩን ሳያስቡ ነው 18 ላይ የደረሱት።

መረቡና ሚዛኑ

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ጥቅል አለ። አንዱ በየመገናኛው የተበየደ ባለ አራት ማዕዘን መረብ ነው። ሌላው ሽቦው እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ ዓይኑ አልማዝ መሰል መረብ። ፕሮፎርማው ያለው የተበየደውን ነበር። የተበየደ መረብ ቅርጹን አይለውጥም። በተዳፋት ላይ አግድም ሆኖ በደረጃ መውረድ አለበት። በእኛ ቁልቁለት በየክፍተቱ መሬቱ 30 ሴንቲ ስለሚወርድ፣ በየደረጃው ሥር 30 ሴንቲ የሚደርስ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ይከፈታል። ያንን በድንጋይ መድፈን ያስፈልጋል፤ ቋሚዎቹም ያን ያህል መርዘም አለባቸው። የተጠላለፈው መረብ ግን ዓይኖቹ ስለሚንሸራተቱ ተዳፋቱን ተከትሎ ይተኛል። ቋሚው በቱንቢ ቀጥ ብሎ፣ አግዳሚው ከመሬቱ ጋር ዘምበል ብሎ ይሄዳል። ይህን መረጥን።

የሚያስፈልገው ርዝመት ከበሮቹ በስተቀር 9 ሲደመር 22.53 ሲደመር 9.7 ሲደመር 6.3 ነው፤ 47.5 ሜትር ገደማ። ባለ 25 ሜትር 2 ጥቅል 50 ሜትር ይሰጣል። ባለ 20 ሜትር ግን 3 ጥቅል ያስፈልግ ነበር፤ 12 ሜትር ተኩል ይተርፍ ነበር። የተጠላለፈ መረብ ሌላ ጥቅም አለው፦ ትራፊ ይቀጠላል። ከአንዱ ጫፍ ነጠላ ሽቦ አሽከርክሮ ይወጣና ሁለቱን ቁራጭ አጠጋግቶ በዚያው መልሶ መስፋት ነው። መደራረብ የለም፣ ቅጥያውም አይታወቅም።

መርካቶ ላይ ግዢው ቶሎ አላለቀም። ሻጩ «2 ሚሊ ተኩል ነው» ያለውን ጥቅል ሚዛን ላይ አስወጣነው። መረብ ሽቦን በዓይን መለየት ከባድ ነው፤ በሚዛን ግን አይደበቅም። ዓይኑ 5 ሴንቲ የሆነ መረብ በአንድ ካሬ ሜትር 43 ሜትር ያህል ሽቦ ይይዛል። የ2.5 ሚሊ ሽቦ በሜትር 38.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 1.8 በ25 ሜትር የሆነ ጥቅል 75 ኪሎ አካባቢ መምጣት አለበት። ሽቦው 2 ሚሊ ከሆነ 48 ኪሎ አካባቢ ነው። ሚዛኑ 49 አሳየ። ሻጩ አልተከራከረም፤ ሌላ ጥቅል አወጣ። በሚሊ ግማሽ የሆነ ልዩነት የሽቦውን ሲሶ ይወስዳል።

ግቢ ከደረሰ በኋላ ጥቅሎቹን ዘርግተን ለካን። አንዱ 25፣ ሌላው 24.1 ሜትር ነበር። ቢሆንም 49.1 ለ47.5 በቃ። ወዲያው መልሰን ባንከራከርም፣ ስንገዛ የያዝነው ትርፍ ከ90 ሴንቲ በታች ሆኖ ቢሆን ኖሮ ሥራው ይቆም ነበር።

ጉድጓድ፣ ኮንክሪትና ጥግ 3

የተራ ቋሚ ጉድጓድ 30 በ30፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ነው። የማዕዘንና የጫፍ 40 በ40፣ ጥልቀቱ 80። የበር 50 በ50፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር። ሲባዛ 13ቱ ተራ ቋሚዎች 0.70 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋሉ። 3ቱ የበር ቋሚዎች ብቻቸውን 0.75። ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም፤ ዳኛውም አላመኑም፤ ካልኩሌተር አስመጥተው ራሳቸው አባዙት። ድምሩ 2.1 ሜትር ኩብ ነው። 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 4 ጠጠር በሚል ድብልቅ 14 ከረጢት ሲሚንቶ ይወጣዋል። ፕሮፎርማው 6 ከረጢት ነበር ያለው። 18 ጉድጓድ ብቻ ቆጥረው ሁሉንም እንደ ተራ ቋሚ ጉድጓድ ካሰቡት 6 ገደማ ይመጣል፤ ያለፈው ዓመት ማዕዘን የተጋደመውም በዚሁ ሒሳብ ነው።

ቁፋሮ በሚያዝያ ተጀመረ፤ ክረምት ሳይገባ ለመጨረስ። መጀመሪያ የማዕዘን፣ የጫፍና የበር ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ጥግ 3 ላይ ቆፋሪው 60 ሴንቲ ሲደርስ የሸክላ ስባሪ፣ የላስቲክና የግንብ ፍርስራሽ ማውጣት ጀመረ። ወደ ወንዝ የሚወርዱ ግቢዎች ታችኛ ጫፋቸው በፍርስራሽ ተሞልቶ የተደለደለ መሆኑ የተለመደ ነው። ዲጂኖውን ጣል ሲያደርጉት ያለ ድምፅ ይሰምጣል። ነባሩ መሬት ላይ ሲያርፍ ግን ይነጥራል፣ እጅ ላይም ይታወቃል። ነባሩ መሬት የተገኘው 1.2 ሜትር ላይ ነው። 10 ሴንቲ ተጨምሮ ጉድጓዱ 1.3 ሜትር ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ያልተቆረጠው ዘንግ የጠቀመው። ለጥግ 3 የሚያስፈልገው 1.9 ሲደመር 1.3፣ 3.2 ሜትር ነው። ከሦስተኛው ዘንግ 2.7 ለጥግ 5 ሲወጣ 3.3 ይተርፋል። ልክ ገባ። ዘንጉ አስቀድሞ እኩል ለሁለት ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ወይ በብየዳ መቀጠል፣ ወይ ሌላ ዘንግ መግዛት ነበር። መሬት ውስጥ የሚገባ የብየዳ ቅጥያ ደግሞ መጀመሪያ የሚዝገው እሱ ነው።

ማዕዘኖቹ ከቆሙ በኋላ በመካከላቸው ሲባጎ ተወጥሮ ተራዎቹ ቆሙ። የኮንክሪቱ አናት ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ተዳፍቶ ተለሰነ፤ ውሃ ቋሚው እግር ላይ እንዳይተኛ። የቋሚዎቹ አናት በላሜራ ተደፈነ። ክፍት የሆነ ቱቦላሬ ዝናብ ጠጥቶ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ቀለሙ አምሮ ሳለ።

ማዕዘኑን መያዝ

ኮንክሪቱ አንድ ሳምንት ውሃ እየጠጣ ከቆየ በኋላ አግዳሚዎቹ ተበየዱ። ከዚያ ከማዕዘን ቀጥሎ ባለው ክፍተት ሰያፍ ፌሮ ገባ። በዚህ ከበያጁ ጋር ትንሽ ተነጋገርን። እሱ የለመደው ፌሮውን ከማዕዘኑ አናት አንስቶ ወደ ቀጣዩ ቋሚ እግር ማውረድ ነው። «ሁሌም እንዲህ ነው የምንሠራው፣ አለቃ» አለ።

ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። መረቡ የማዕዘኑን አናት ወደ ውስጥ ይስባል። የላይኛው አግዳሚ ይህን ግፊት ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ ቋሚ አናት ይወስደዋል። አሁን ሊጋደም የሚፈልገው ያ ቋሚ ነው። እሱን መልሶ የሚይዘው ከአናቱ ተነስቶ ወደ ማዕዘኑ እግር የሚወርድ ብረት ነው፤ ያኔ ፌሮው ይወጠራል። በተቃራኒው ከተበየደ ፌሮው ይገፋል እንጂ አይወጠርም። ቀጭን ብረት ሲገፋ ይጎብጣል፤ ኖረ አልኖረ አንድ ነው። በያጁ አንዱን በእሱ መንገድ በነጥብ በየደና ቋሚውን ገፋው። ፌሮው እንደ ቀስት ሲታጠፍ አየና የቀሩትን ራሱ አዞራቸው።

መረቡ የተወጠረው ከዚህ በኋላ ነው። በመጨረሻው የዓይን ረድፍ ፌሮ ተሰክቶ፣ በትንሽ ቼይን ብሎክ ተስቦ፣ ከማዕዘኑ ጋር ታሰረ። መረቡ ማዕዘኑን ተጠምዝዞ አያልፍም፤ እያንዳንዱ ጎን ለብቻው ይጀምራል፣ ለብቻው ያልቃል።

ያልሠራው ነገር፦ የሰው በር

በያጁ የሰው በሩን መሃለኛው የበር ቋሚ ላይ ሰቀለው። የመኪናው በር አንድ ክንፍም እዚያው ላይ ነው። ለብየዳ ይቀላል፤ ማጠፊያዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ናቸው። ከሳምንታት በኋላ ቁልፉ አልገጥም አለ። በቱንቢ ሲታይ የመሃለኛው ቋሚ አናት ከአንድ ጣት በታች ዘምሟል።

ቋሚው ቀጭን ስለሆነ አይደለም። የግራና የቀኙ የበር ቋሚዎች ከጀርባቸው አጥር አላቸው፤ አግዳሚው ይደግፋቸዋል። መሃለኛው ግራ ቀኙ ባዶ ነው። የያዘው የራሱ ኮንክሪት ብቻ ነው። የመኪናውን ክንፍ መሸከም ግዴታው ነው፤ የሰው በር ግን ተጨማሪ ሸክም ነበር። ማጠፊያዎቹ ተቆርጠው የሰው በሩ ወደ ቀኙ ቋሚ ዞረ። የመሃለኛው አሁን ቁልፍ መቀበያ ብቻ ነው በዚያ በኩል። ዝመቱ ግን እንዳለ ቀርቷል፤ የቁልፉ መቀበያ ረዘም ተደርጎ ተበየደለት።

ለሌላ ግቢ የሚሆነው

ፕሮፎርማ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ማዕዘን፣ ስንቱ ጫፍ፣ ስንቱ የበር ነው?» የሚለው ነው። መልስ ከሌለው ቆጠራው የተሠራው በማካፈል ብቻ ነው። ግቢው ትንሽ ሲሆን ስሕተቱ ይብሳል፤ ማዕዘኖቹ ከጠቅላላው ቋሚ ብዙውን እጅ ስለሚይዙ። የእኛ ግቢ ከሦስት ቋሚ አንዱ ያህል ልዩ ነበር።

የበሩን ስፋት ከአጥሩ ለይቶ መወሰን አያዋጣም። ጥቂት ሴንቲ መስጠት ወይም መውሰድ አንድ ሙሉ ክፍተት ያስቀራል። መቁረጥ ከቁፋሮ በኋላ ይሁን፤ ቢያንስ የወፍራሞቹ። ጥቅል ሲገዛ ሚዛን ይጠየቅ።

አንድ ገደብም አለ። አጥሩ ካለቀ በኋላ አንዳንድ አባላት «ውስጥ እንዳይታይ መረቡ ላይ ሸራ ወይም ቆርቆሮ እንምታበት» አሉ። ይህ አጥር ለዚያ አልተሠራም። ነፋስ በመረብ ውስጥ ያልፋል፤ በሸራ ግን አያልፍም። 2.8 ሜትር በ1.8 ሜትር የሆነ ክፍተት ሲሸፈን 5 ካሬ ሜትር ሸራ ነፋስ ይይዛል። ይህን በ60 ሴንቲ ጉድጓድ ላይ ያለ 5 በ5 ቋሚ እንዲሸከመው መጠየቅ አይቻልም። መሸፈን የሚፈልግ ከመጀመሪያው ቋሚዎቹን ማቀራረብ፣ ማወፈርና ጉድጓዱን ማጥለቅ አለበት። ዳኛው ጉዳዩን ለጉባኤ አቀረቡት። በፊት ለፊት በኩል ብቻ፣ ከመረቡ ውስጥ ራቅ ብሎ ጽድ ይተከል ተባለ።